የእንጦጦን ደን የአሥር ዓመት ለውጥ ለመለካት፦ ላንድሳት፣ ሴንቲኔል-2 ወይስ ሞዲስ?

ከአራት ኪሎ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የእንጦጦ ተራራ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ያ አረንጓዴ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ውስጡ ያረጀ ጽድ አለ፣ የቆመ ባሕር ዛፍ አለ፣ ተቆርጦ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ያለ ባሕር ዛፍ አለ፣ ሣርና ማሳም አለ። በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ሄክታር ደን እንደጠፋና ስንት እንደተጨመረ በሳተላይት ምስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚህን መለየት ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምስሉ ምን ያህል ጥራት እንዳለው ነው። ውጤቱን አብልጦ የሚወስነው ግን ምስሉ የተነሣበት ወርና ሁለቱ ዓመቶች በአንድ ዓይነት መሣሪያ መታየታቸው ነው። ከታች ያለው ንጽጽር የተሠራው በዚህ እምነት ነው።

ምስሎቹ የሚመዘገቡት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እዚህ ያሉት ዓመቶችም በዚያው ናቸው። ጥር 2014 የምንለው በእኛ አቆጣጠር የጥር 2006 ገደማ ነው። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ሠንጠረዥ መቀላቀል ቀላል የሚመስል፣ ግን ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት የሚያሳስት ስሕተት ስለሆነ ከመጀመሪያው አንዱን ይዞ መጨረስ ይሻላል።

ሦስቱ ሳተላይቶች

ሞዲስ በየቀኑ ያነሣል፤ ከ2000 ጀምሮም ሳይቋረጥ መረጃ አለው። ችግሩ የፒክስሉ ስፋት ነው። ለዕፅዋት የሚያገለግሉት ሁለቱ ባንዶች፣ ማለትም ለየብቻ የሚመዘገቡት የብርሃን ዓይነቶች፣ አንድ ፒክስላቸው 250 ሜትር በ250 ሜትር፣ ማለትም 6.25 ሄክታር ነው። የኢትዮጵያ የደን ትርጉም የሚጀምረው ከ0.5 ሄክታር፣ ከ2 ሜትር ቁመትና ከ20 በመቶ የዛፍ ጥላ ሽፋን ነው። ስለዚህ በአንድ የሞዲስ ፒክስል ውስጥ አሥራ ሁለት ያህል በሕግ ደን የሚባሉ ቦታዎች ሊደበቁ ይችላሉ። ሞዲስ የየዓመቱን ልምላሜና ድርቅ ለማየት ጥሩ ነው፤ የእንጦጦን ደን በሄክታር ለመቁጠር ግን አይመረጥም።

ላንድሳት 8 በየካቲት 2013 ነው የተወነጨፈው። ላንድሳት 9 በመስከረም 2021 ተከትሎታል፤ የያዙት ካሜራም እጅግ ተመሳሳይ ነው። ፒክስሉ 30 ሜትር በመሆኑ ግማሽ ሄክታር ከአምስት እስከ ስድስት ፒክስል ይይዛል። ይህ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። እያንዳንዱ ሳተላይት በየ16 ቀኑ በአዲስ አበባ ላይ ያልፋል፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከተማዋና እንጦጦ የሚገኙበት ምስል መለያ መስመር 168፣ ረድፍ 54 ነው። ከጥር 2014 እስከ ጥር 2024 በአንድ ዓይነት ካሜራ የተነሣ ሙሉ አሥር ዓመት ስላለው ለዚህ ሥራ የምንመርጠው ላንድሳትን ነው።

ሴንቲኔል-2 ዓይንን የሚስብ ነው። ፒክስሉ 10 ሜትር ሲሆን ግማሽ ሄክታር ሃምሳ ፒክስል ይሞላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሳተላይት የተወነጨፈው በሰኔ 2015 ስለሆነ የመጀመሪያው የበጋ ምስሉ የጥር 2016 ነው። እዚህ ላይ ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛው፣ በጎግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ የከባቢ አየር ተጽዕኖ ተስተካክሎለት የቀረበው `COPERNICUS/S2_SR_HARMONIZED` የተባለው ስብስብ የሚጀምረው ከ2017 ስለሆነ ጥር 2016ን አያገኙበትም። ያልተስተካከለውን `COPERNICUS/S2_HARMONIZED` ለ2016 ወስዶ የተስተካከለውን ለመጨረሻው ዓመት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ በአየሩ ጭጋግ ምክንያት ያልተስተካከለው ምስል ኤንዲቪአይ፣ ማለትም የዕፅዋት ልምላሜ መለኪያው፣ ዝቅ ስለሚል፣ ምንም ያልተነካ ደን «ለመለመ» ይላል። ያልተስተካከለውን የግድ መጠቀም ካለብዎት ለሁሉም ዓመት እሱኑ ይጠቀሙ።

ሁለተኛው ችግር ከመሣሪያው ሳይሆን ከዝናቡ ነው። የ2015 ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት በብዙ የአገሪቱ ክፍል ዝናቡ የተዛባበት ነበር። ጥር 2016ን መነሻ ያደረገ ንጽጽር ከድርቅ ማግሥት ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ደህና ዝናብ ያለበት ዓመት የደን ጭማሪ መስሎ ይታያል። የሴንቲኔል-2ን 2016 መነሻ አድርገው ትልቅ ጭማሪ ካገኙ፣ ደስ ከማለትዎ በፊት የጥር 2015ንና የጥር 2017ን ላንድሳት ከፍተው ያነጻጽሩ።

ሁለቱን ማቀላቀል፣ ማለትም 2014ን በላንድሳት 2024ን በሴንቲኔል-2 መሥራት፣ ብዙ ጊዜ የሚታይ መንገድ ነው። እኛ አንመክረውም። የሴንቲኔል-2 ባለ 10 ሜትሩ ቅርብ ኢንፍራሬድ ባንድ (B8) ከላንድሳቱ በጣም ይሰፋል፤ ለላንድሳቱ የሚቀርበው ባለ 20 ሜትሩ B8A ነው። የተለያየ ስፋት ያለው ባንድ በአንድ ደን ላይ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። በተጨማሪ ሁለቱ ምስሎች በግማሽ ፒክስል እንኳ ሳይገጣጠሙ ከቀሩ በደን ዳርቻ ሁሉ ለውጥ ያልሆነ ለውጥ ይፈጠራል። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፦ በደኑ አንድ ጎን ቀጭን «የጠፋ» መስመር፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ቀጭን «የተጨመረ» መስመር ካዩ፣ ደኑ አልተነካም፤ ምስሉ ነው የተንሸራተተው።

ሴንቲኔል-2 የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። በመሐል ከተማ፣ በቀበና ወንዝ ዳር እንዳሉት ቀጭን የዛፍ መስመሮች ወይም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ያሉ ትናንሽ የዛፍ ስብስቦች፣ በ30 ሜትር ፒክስል ውስጥ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከአስፋልት ጋር ተደባልቀው ይጠፋሉ። በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጠባብ መንገዶችም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ የጊዜውን ርዝመት ቀንሶ ሴንቲኔል-2ን መያዝ ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አራት ኪሎና አካባቢው ሁለት የሴንቲኔል-2 ሰሌዳዎች በሚደራረቡበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው፣ 37PDK እና 37PDL። ስለዚህ አንድ ቀን የተነሣ ምስል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ «አሥር ምስል አገኘሁ» ያለ ሰው በእጁ ያለው አምስት ሊሆን ይችላል። የእንጦጦ ጀርባ ግን በ37PDL ውስጥ ብቻ ስለሆነ 37PDKን ብቻ ያወረደ ሰው ደኑ መሐል ላይ ተቆርጦ ያገኘዋል።

ወሩ፦ ለምን ጥር?

በመስከረምና በጥቅምት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ሣሩም፣ ማሳውም፣ ደኑም በመለኪያው ላይ አንድ ሆነው ይወጣሉ። በጥር ግን ሣሩ ደርቋል፣ እህሉ ታጭዷል፣ ዛፉ ግን ቅጠሉን አላረገፈም። ባሕር ዛፍም ጽድም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው። በዚህ ወቅት ጥቅጥቅ ያለ ደን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 በላይ፣ የደረቀ ሣር ደግሞ ከ0.35 በታች ይገኛል። በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አለ፤ ይህ ክፍተት ነው ሥራውን የሚያቀልለው።

ስለዚህ በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ፌብሩዋሪ 10 ያለውን መስኮት እንጠቀማለን፤ ይህም ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ነው። ከዚያ ማለፍ አደጋ አለው፤ የበልግ ዝናብ ቀድሞ ከመጣ ሣሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለመልማል። በዚህ 41 ቀን ውስጥ ላንድሳት 8 ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ያልፋል። ጥር ደመናው ጥቂት ስለሆነ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከ2022 ጀምሮ ላንድሳት 9ን መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን የምስሉ ብዛት ሲጨምር ከመስኮቱ ምስሎች ለእያንዳንዱ ፒክስል የምንወስደው መካከለኛ ዋጋ ራሱ ይበልጥ የተረጋጋ ስለሚሆን፣ ቁጥሩን ከቀደሙት ዓመቶች ጋር ሲያነጻጽሩ ይህን ልብ ይበሉ።

ጥር አንድ ጉድለት አለው። ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስላዘነበለች በጠዋት ወደ ሱሉልታ የሚያዩት የእንጦጦ ቁልቁለቶች ጥላ ያርፍባቸዋል። የመለኪያ ምርጫው ላይ ይህ ጉዳይ ይመለሳል።

መለኪያው፦ ኤንዲቪአይ ወይስ ሌላ?

ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግብ ሥራው ይውጣል፣ ቅርብ ኢንፍራሬድን ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ኤንዲቪአይ ይህን ልዩነት በድምራቸው ያካፍላል፦

`NDVI = (NIR - RED) / (NIR + RED)`

ማካፈሉ ትልቅ ጥቅም አለው። ጥላ ቀዩንም ኢንፍራሬዱንም በአንድነት ስለሚቀንስ፣ ሲካፈል የጥላው ጉዳት በከፊል ይጣፋል። ኢቪአይ የተባለው ሌላ መለኪያ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ቁጥሩ ቶሎ ከጣሪያው አይደርስም ተብሎ ይመረጣል። ይሁንና ቀመሩ በአካፋዩ ላይ ቋሚ ቁጥር ስላለው ጥላና ቁልቁለት ይበልጥ ይነካዋል። እንደ እንጦጦ ባለ ተዳፋት መሬት ላይ ይህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ዛፉ ሳይቆረጥ የሳሳበትን ወይም የተቃጠለበትን መለየት ከፈለጉ ደግሞ ኤንቢአርን ይሞክሩ፤ የኤንዲቪአይን ቀይ ባንድ ትቶ በምትኩ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድን ይወስዳልና ለባዶ አፈርና ለውኃ እጥረት ይበልጥ ንቁ ነው። «ደን አለ ወይስ የለም» ለሚለው ጥያቄ፣ በጥር፣ በእንጦጦ፣ ኤንዲቪአይ ይበቃል።

ከመለኪያው ምርጫ ይልቅ ብዙ ሥራ የሚያበላሸው የቁጥሮቹ ዝግጅት ነው። የላንድሳት ሁለተኛው ስብስብ ባንዶች እንዳሉ ተከማችተው የሚገኙት በሙሉ ቁጥር ነው፤ ወደ ነጸብራቅ ለመቀየር በ0.0000275 ተባዝቶ 0.2 መቀነስ አለበት። አንድ የደን ፒክስል ቀዩ 8500፣ ኢንፍራሬዱ 15500 ቢሆን እናስብ። ሳያስተካክሉ በቀጥታ ካሰሉት 7000 ለ24000፣ ማለትም 0.29 ይሆናል፤ የደረቀ ሣር ይመስላል። ሲስተካከል ግን ቀዩ 0.034፣ ኢንፍራሬዱ 0.226 ይሆንና ኤንዲቪአዩ 0.74 ይወጣል። ደኑ በሙሉ ከ0.4 በታች ከሆነብዎ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። በሴንቲኔል-2ም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፦ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ወዲህ በተዘጋጁ ምስሎች ላይ 1000 ተጨምሯል። በስሙ መጨረሻ `HARMONIZED` ያለበትን ስብስብ የሚመርጡት ይህ ተጨማሪ ቁጥር አስቀድሞ ስለተነሣለት ነው።

በኧርዝ ኢንጂን ላይ ለአንድ ዓመት የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። `aoi` የራስዎ የተጠና ቦታ ወሰን ነው፦

```javascript
function prep(img) {
  var clear = img.select('QA_PIXEL')
    .bitwiseAnd(parseInt('11110', 2)).eq(0);
  var sr = img.select(['SR_B4', 'SR_B5'])
    .multiply(0.0000275).add(-0.2);
  return sr.normalizedDifference(['SR_B5', 'SR_B4'])
    .rename('ndvi').updateMask(clear);
}
function janNdvi(y) {
  return ee.ImageCollection('LANDSAT/LC08/C02/T1_L2')
    .filterBounds(aoi)
    .filterDate(y + '-01-01', y + '-02-11')
    .map(prep).median();
}
```

ስሌቱ የሚከናወነው በሩቅ ባሉ ኮምፒውተሮች ስለሆነ መብራት ቢጠፋም የተላከ ሥራ አይቋረጥም፤ ትልልቅ ምስሎችን ማውረድም አያስፈልግም። የደመናው ማጣሪያ ግን መታየት አለበት። በመሐል ከተማ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ ደመና ተብሎ የሚሰረዝበት ጊዜ አለ። የተሰረዘው ፒክስል በአንድ ዓመት ከቁጥሩ ወጥቶ በሌላው ከገባ የቦታው ጠቅላላ ስፋት ራሱ ይለያያል። መፍትሔው በሁሉም ዓመት የታዩትን ፒክስሎች ብቻ መቁጠር ነው።

መነሻና መድረሻ ብቻ ወይስ በየዓመቱ?

ሁለት ምስል ብቻ ወስዶ ማቀናነስ ፈጣን ነው፤ ለጽድ ደን ሊበቃም ይችላል፣ ጽድ ከተቆረጠ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ነበረበት አይመለስምና። ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ነው። ከጉቶው አቆጥቁጦ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ቅጠሉ መሬቱን ይሸፍናል፣ ኤንዲቪአዩም ያልተቆረጠውን ያክላል። በ2017 የተመነጠረ ቦታ በ2024 «ለውጥ የለም» ይላል። በዚህ ምክንያት ለእንጦጦ የምንመክረው የአሥራ አንዱንም ጥር (ከ2014 እስከ 2024) በተራ ማስላት ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በየዓመቱ ሲታይ ድንገት ወድቆ ቀስ እያለ ይነሣል። ወደ ግንባታ የተቀየረ መሬት ወድቆ እዚያው ይቀራል። ድርቅ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ ዝቅ አድርጎ በሚቀጥለው ዓመት ይመልሳል። ሦስቱን የሚለያቸው በየዓመቱ ያለው ቅርጻቸው ነው፤ ሁለት ነጥብ ቅርጽ የለውም።

ሲዘግቡም እነዚህን ለይተው ይጻፉ። ቆሞ የነበረ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እያቆጠቆጠ ከሆነ፣ 2 ሜትር እስካለፈ ድረስ በትርጉሙ ደን ነው፤ የደን መጥፋት ብሎ መመዝገብ ስሕተት ይሆናል።

ደንን ከሌላው የሚለየውን የኤንዲቪአይ ወሰን ከመጽሐፍ አይውሰዱ። ጥራት ባለው ምስል ላይ ደን መሆናቸው የማያጠራጥር 50 ነጥብ፣ ደን አለመሆናቸው የማያጠራጥር 50 ነጥብ ይምረጡ፤ ኤንዲቪአያቸውን አውጥተው ሁለቱ የሚለያዩበትን ቁጥር ያግኙ። በተጨማሪ በአሥሩም ዓመት ያልተነካ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደን ያለ ቦታ ይዘው የየዓመቱን መካከለኛ ዋጋ ይመልከቱ። ያ ያልተነካ ደን በአንድ ዓመት በ0.05 ከወረደ የዚያ ዓመት ወሰንም በዚያው መጠን መውረድ አለበት።

ሄክታሩን መቁጠር

የመጨረሻው ምርጫ ካርታውን አምኖ ፒክስሎቹን መቁጠር ወይም ካርታውን በናሙና ማረም ነው። የመጀመሪያው አንድ ትእዛዝ ነው፣ ሁለተኛው የሦስት ቀን ሥራ። ልዩነቱን በምሳሌ ቁጥር እንየው። የተጠናው ቦታ 4000 ሄክታር ነው እንበል፤ ካርታው 200 ሄክታር ጠፋ ይላል፣ 3800 ሄክታር አልተለወጠም ይላል። «ጠፋ» ከተባለው ውስጥ በዕጣ 100 ነጥብ፣ «አልተለወጠም» ከተባለው 300 ነጥብ አውጥተን እያንዳንዱን በጥሩ ምስል አየን። ከመቶው 75ቱ በእርግጥ ጠፍተዋል። ከሦስት መቶው ደግሞ 3ቱ ካርታው ያላየው ጥፋት ሆነው ተገኙ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የ200 ሄክታር 75 በመቶ 150 ሄክታር ነው። የ3800 ሄክታር 1 በመቶ 38 ሄክታር ነው። ድምሩ 188 ሄክታር። የ95 በመቶ የእርግጠኝነት ክልሉ ሲሰላ ወደ 46 ሄክታር ግራና ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ሊጻፍ የሚገባው ቁጥር 188 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 46 ነው እንጂ 200 አይደለም።

ይህን ክልል ያሰፉት እነዚያ ሦስት ነጥቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ12 ሄክታር በላይ ይሸከማሉ፤ አንዱን ተሳስተው ካዩት መልሱ በዚያው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ተጨማሪ ነጥብ ለማየት ጊዜ ካለ «ጠፋ» በተባለው ላይ መጨመር ብዙም አይጠቅምም። ከተባለው ጥፋት ዙሪያ ሁለት ፒክስል፣ ማለትም 60 ሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ አበጅተው እንደ ሦስተኛ ክፍል ይያዙትና 100 ነጥብ እዚያ ያኑሩ። ካርታው የሚስተው ጥፋት አብዛኛው የሚገኘው በዚህ ዳርቻ ላይ ነው፤ በቀበቶው ውስጥ የተገኘ ነጥብ ደግሞ የሚሸከመው የቀበቶውን ትንሽ ስፋት ብቻ ስለሆነ ክልሉ ይጠባል።